ጥርስን የሚያነጣውና ጥርስን የሚበላው

ሎሚ በጨው፣ የደቀቀ ከሰል፣ «ያነጣል» የሚል የጥርስ ሳሙና፣ ክሊኒክ ውስጥ የሚቀባ ጄል፤ ጥርስ ለማንጣት የማይሞከር ነገር የለም። የትኛው እንደሚሠራ የሚወስነው ግን ቀለሙ ያለበት ቦታ ነው። ከጥርሱ ገጽ ላይ የተለጠፈ ቀለም በአንድ መንገድ ይነሳል፣ ወደ ውስጥ የዘለቀው በሌላ። ጥርሱ ሲሠራ አብሮ የገባው ደግሞ ብዙ ጊዜ በማንጫ ብቻ አይለቅም።

ጥርስን ከውጭ የሚሸፍነው ኢናሜል በሰው አካል ውስጥ ካለው ነገር ሁሉ ጠንካራው ነው። ብርሃን በከፊል ስለሚያሳልፍ ከሥሩ ያለው ዴንቲን የሚባለው ክፍል ቀለም በላዩ ይታያል፤ ዴንቲን ደግሞ በተፈጥሮው ወደ ቢጫ ያደላል። ጤናማ ጥርስ እንደ ወረቀት የማይነጣው በዚህ ምክንያት ነው። ኢናሜልን የሚሠሩት ሕዋሳት ጥርስ ከድድ ሲወጣ ስለሚጠፉ ተፍቆ ያለቀ ኢናሜል ተመልሶ አያድግም። ምራቅ ማዕድን የጎደለበትን ቦታ በመጠኑ ይጠግናል እንጂ የጠፋውን ንብርብር አይተካም።

ሎሚ አደገኛ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። አሲዱ ኢናሜልን ያለሰልሳል፣ ጨውና ብሩሽ ደግሞ የለሰለሰውን ይዘው ይሄዳሉ። ለጥቂት ቀናት ጥርሱ የጠራ ይመስላል፤ ኢናሜሉ እየሳሳ ሲመጣ ግን የዴንቲኑ ቢጫነት ጎልቶ ይወጣል፣ ቀዝቃዛ ውኃም መጠዝጠዝ ይጀምራል። ከሰልም የላዩን ቆሻሻ ይፈቀፍቃል እንጂ የውስጡን ቀለም አይነካም፤ ሸካራ ከሆነ ኢናሜሉንም ይፍቃል።

ቡና፣ ሻይ፣ ጫትና ሲጋራ በጥርስ ገጽ ላይ የሚተዉት ቀለም በክሊኒክ እጥበት በደንብ ይነሳል። ማንጫ የሚባሉት የጥርስ ሳሙናዎችም በአብዛኛው የሚሠሩት በዚሁ የላይኛው ቀለም ላይ ነው። ለብዙ ሰው ይኸው ይበቃዋል።

የጥርሱን የራሱን ቀለም የሚቀይረው ፐርኦክሳይድ ነው። በኢናሜል በኩል ሰርጎ ይገባና ቀለም የሚሰጡትን ቅንጣቶች ይሰባብራል። በ1989 ሁለት አሜሪካውያን የጥርስ ሐኪሞች፣ ሄይዉድና ሄይማን፣ 10 በመቶ ካርባማይድ ፐርኦክሳይድ ያለበትን ጄል በጥርስ ልክ በተሠራ ስስ ፕላስቲክ ውስጥ አድርጎ ማታ ማታ መልበስን በጽሑፍ አስተዋወቁ። ይህ መጠን ከ3.5 በመቶ ገደማ ሀይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጋር እኩል ነው፤ ሥራው ሳምንታት ይወስዳል። ክሊኒክ ውስጥ ግን ከ25 እስከ 40 በመቶ የሚደርስ ሀይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይቀባል፣ ለውጡም በአንድ ቀጠሮ ይታያል። ከወንበር ሲነሱ የሚታየው ንጣት ከፊሉ ጥርሱ ስለደረቀ የመጣ በመሆኑ በቀናት ውስጥ ይደበዝዛል። የአውሮፓ ኅብረት ከ6 በመቶ በላይ ሀይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያለውን ማንጫ የሚከለክል ሲሆን፣ ከ0.1 እስከ 6 በመቶ ያለውም በጥርስ ሐኪም በኩል ብቻ፣ ከ18 ዓመት በላይ ለሆኑ እንዲሰጥ ደንግጓል።

ጄሉ ድድ ሲነካ ያቃጥላል፣ ጥርስም ለጊዜው ሊጠዘጥዝ ይችላል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ጄሉን በየሁለት ቀኑ በማድረግ ወይም ለጥቂት ቀናት በማቆም ይበርዳል። በመመሪያው መሠረት ከተወሰደ በኢናሜል ላይ ዘላቂ ጉዳት ማድረሱ አልታየም፤ ያለ እረፍት መደጋገምና አሲድነት ያላቸውን ጄሎች መጠቀም ግን ገጹን ያሻክራል።

በስምጥ ሸለቆ ያደገች አንዲት ሙሽራ ሠርጓ ሁለት ወር ቀርቶታል እንበል። ወንጂንና ዝዋይን በመሰሉ አካባቢዎች የከርሰ ምድር ውኃ ከፍተኛ ፍሎራይድ ሊኖረው ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ ከዚያ በላይ የሆነ ውኃ የሚጠጣ ሕፃን ጥርሱ ገና ሲሠራ ይበላሻል። የዚህች ሙሽራ የፊት ጥርሶች ላይ ነጭ ነጠብጣብና ቡናማ መስመር አለ፤ አንዱ ጥርሷም የተሞላ ነው። ሐኪሙ በመጀመሪያ የበሰበሰ ወይም የተሰነጠቀ ጥርስ እንዳለ ያያል፣ ካለም ያክማል፤ ከዚያ ያጥባል። ጄሉን ለሦስት ሳምንት ማታ ማታ ብትጠቀም አጠቃላዩ ቀለም ይፈካል፤ ነጠብጣቡ ግን መጀመሪያ ላይ ይበልጥ ሊጎላ ይችላል። ቡናማው መስመር ካልለቀቀ ሐኪሙ የኢናሜሉን የላይኛ ስስ ሽፋን በጥንቃቄ ይሞርዳል፣ ወይም ቦታውን በጥርስ መሙያ ይሸፍናል። ሙሌቱ በፐርኦክሳይድ አይነጣምና ከአዲሱ ቀለም ጋር እንዲመሳሰል መቀየር አለበት። ይህም ማንጣቱ ካበቃ ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ይሠራል፤ በጥርሱ ውስጥ የቀረው ኦክስጅን ማጣበቂያውን ስለሚያላላና ቀለሙም ገና ስላልረጋ ነው። ሁለቱ ወራት ለዚህ ሁሉ ይበቃሉ፤ በሠርጉ ሳምንት ለሚጀምር ግን ጊዜው አይበቃም።