ማመልከቻው የት ጠፋ?

እያደገ ያለ ድርጅት በድረ ገጹ ላይ የሥራ ማስታወቂያ ገጽ ሲከፍት ብዙ ጊዜ የሚጨነቀው ለመልኩ ነው። እኔ መጀመሪያ የማየው ግን ሰነድ የሚያያዝበትን ቦታ ነው፤ አመልካች የሚጠፋው እዚያ ነውና።

የሒሳብ ሠራተኛ ተፈለገ እንበል። አመልካቿ ኮምፒውተር ስለሌላት የዲግሪዋን ማስረጃና የሥራ ልምዷን በስልኳ ፎቶ አንስታ ታያይዛለች። አንዱ ፎቶ በቀላሉ 4 ሜጋባይት ይደርሳል። ብዙ ድረ ገጾች የሚሠሩበት ፒኤችፒ ግን ቅንብሩ ካልተለወጠ ከ2 ሜጋባይት የበለጠ ፋይል አይቀበልም። የባሰው ደግሞ አለ፤ ጠቅላላው መጠን ከ8 ሜጋባይት ሲያልፍ የጻፈችው ስምና ስልክ ጭምር ለፕሮግራሙ ባዶ ሆኖ ይደርሳል። ስሟን ሞልታ ሳለ «ስምዎን ያስገቡ» የሚል መልእክት ይመጣባታል። ሁለት ጊዜ ሞክራ ትተወዋለች፤ ድርጅቱም አመልካች ጠፋ ይላል።

ገደቡን የሚያነሡት ሁለት መስመሮች ናቸው፦

```
upload_max_filesize = 10M
post_max_size = 40M
```

ይህ ብቻውን አይበቃም። ቅጹ የፋይሉን መጠን ገና ከስልኩ ሳይወጣ መርምሮ፣ ከበዛ በአማርኛ ሊነግራት ይገባል። ሲሳካም የማመልከቻ ቁጥር ይስጣት።

የማመልከቻው ማብቂያ ቀን በኢትዮጵያም በአውሮፓም አቆጣጠር ይጻፍ፤ ቀኑ ሲያልፍ ማስታወቂያው ራሱ ይዘጋ።

ገጹን ከመክፈታችሁ በፊት በርካሽ ስልክ፣ በሞባይል ዳታ፣ ሦስት ፎቶ አያይዛችሁ ራሳችሁ አመልክቱ።