የልጃችን ንባብ በእውነት ተሻሽሏል? በአንድ መስመር መመርመር

ከምንልከው ገንዘብ ውስጥ አንዱ ድርሻ ለልጅ ትምህርት ነው። ልጁ እየተሻሻለ መሆኑን የምናውቀው ግን በዓመት ሁለት ጊዜ በስልክ ፎቶ ከሚላክልን የውጤት ካርድ ነው። ካርዱ ላይ አማካይና ደረጃ አለ። ካለፈው ከፍ ካለ ደስ ይለናል፤ ዝቅ ካለ እንቆጣለን ወይም እናለቅሳለን። እኔ አገር ቤት ሳለሁ የመጀመሪያ ደረጃ መምህር ስለነበርኩ፣ በቁምስናችን እሑድ እሑድ የሚገናኙ እህቶች ካርዱን እያሳዩ «ልጄ ተሻሽላለች ወይ?» ይሉኛል። በካርዱ ብቻ ይህን መመለስ አይቻልም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ደረጃ የሚናገረው ስለ ልጃችን ብቻ አይደለም። ጎበዝ ተማሪዎች ትምህርት ቤት ቢቀይሩ፣ ልጃችን ምንም ሳትሻሻል ከ31ኛ ወደ 19ኛ ልትወጣ ትችላለች። አማካዩም ቢሆን የመጀመሪያው መንፈቅ ፈተና ከባድ፣ የሁለተኛው ቀላል ከነበረ ብቻውን ከፍ ይላል። ከዚህም በላይ በዓመት ሁለት ቁጥር ብቻ ነው ያለን። በሁለት ነጥቦች መካከል ሁልጊዜ ቀጥ ያለ መስመር ማስመር ይቻላል፤ መስመሩ ወደ ላይ መሄዱ ልጅቷ ጎበዘች ወይስ ያን ቀን ቀናት የሚለውን አይለይም።

ስለዚህ ባለፈው ዓመት ከአንዲት እህት ጋር ሌላ መንገድ ተጠቀምን። ልጇ የ3ኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ አገር ቤት ከአያቷና ከአክስቷ ጋር ትኖራለች። ችግሯ ንባብ ነበር። እናትየው ከጥር ወር ጀምሮ አስጠኚ ቀጥራ በየወሩ 2,000 ብር ትልካለች፤ ብሩ ዋጋ እያመጣ መሆኑን ማወቅ ፈለገች።

እንዴት እንደለካን

የለካነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ልጅቷ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስንት ቃል በትክክል ታነባለች? በወር አንድ እሑድ አክስቷ ከ3ኛ ክፍል የአማርኛ መጽሐፍ ልጅቷ ገና ያልተማረቻቸውን ሦስት ምንባቦች ፎቶ አንስታ ለእናትየው ትልካለች። ከዚያ ይደዋወላሉ። ልጅቷ ከመጽሐፉ ታነባለች፣ እናትየው በስልኳ ያለውን ፎቶ እየተከተለች ትቆጥራለች። በስህተት የተነበበ ወይም የተዘለለ ቃል አይቆጠርም። አንድ ቃል ላይ 3 ሰከንድ ከቆመች ቃሉ ይነገራትና ታልፋለች፤ እሱም አይቆጠርም። ልጅቷ ራሷ አስተካክላ ደግማ ካነበበችው ግን ትክክል ነው።

ሦስት ምንባብ ያስፈለገው አንዱ ቀላል ሌላው ከባድ ሊሆን ስለሚችል ነው። በአማርኛ ደግሞ «ቤት»ም አንድ ቃል ነው፣ «ከየቤቶቻቸው»ም አንድ ቃል ነው፤ ረጃጅም ቃላት የበዙበት ምንባብ ቁጥሩን ያወርደዋል። ከሦስቱ ውጤቶች የምንይዘው መካከለኛውን ነው። ለምሳሌ በኅዳር 24፣ 31 እና 27 አነበበች፤ የወሩ ውጤት 27 ሆነ።

የዘጠኙ ወር ውጤት ይህ ነው፦

ጥቅምት 22፣ ኅዳር 27፣ ታኅሣሥ 21
ጥር 29፣ የካቲት 26፣ መጋቢት 31
ሚያዝያ 30፣ ግንቦት 38፣ ሰኔ 34

እናትየው በታኅሣሥ ደንግጣ ነበር፤ ከ27 ወደ 21 ወረደ። አስጠኚ የቀጠረችውም ያኔ ነው። በጥር 29 ሲሆን «በአንድ ወር 8 ቃል ጨመረች!» ብላ ተደሰተች። በየካቲት 26 ሲሆን ልጅቷን በስልክ ተቆጣች። ከወር እስከ ወር ያለውን ልዩነት ብቻ የሚያይ ሰው እንዲህ ከደስታ ወደ ሐዘን ይመላለሳል። የልጅ ውጤት ግን በእንቅልፍ፣ በጉንፋን፣ በምንባቡ ዓይነት ሁልጊዜ ጥቂት ከፍ ዝቅ ይላል። እኛ የምንፈልገው ከዚህ መዋዠቅ ሥር ያለውን አካሄድ ነው።

መስመሩን ማስመር

ባለ ካሬ ደብተር ያስፈልጋል። ከታች በኩል ወራቱን ከግራ ወደ ቀኝ ጻፉ፤ በጎን በኩል የቃላቱን ብዛት ከታች ወደ ላይ፣ ለአንድ ካሬ 2 ቃል እየያዛችሁ። በየወሩ አንድ ነጥብ አድርጉ።

የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ነጥብ ብቻ ማገናኘት ያሳስታል። ከጥቅምት እስከ ሰኔ ብናገናኝ በወር 1 ቃል ተኩል ጨመረች እንላለን። መለካቱን ከኅዳር ጀምረን ቢሆን ኖሮ ከ27 ወደ 34፣ በወር 1 ቃል ብቻ ይሆናል። በግንቦት አቁመን ቢሆን ደግሞ ከ22 ወደ 38፣ በወር ከ2 ቃል በላይ። ልጅቷ አንድ ናት፤ መልሱ ግን ሦስት ሆነ።

የተሻለው መንገድ ዘጠኙን ወር በሦስት በሦስት መክፈል ነው። ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውጤቶች (21፣ 22፣ 27) መካከለኛውን ያዙ፤ 22 ነው። ይህን ቁጥር የሦስቱ ወራት መካከል በሆነው በኅዳር ላይ አድርጉት። ከመጨረሻዎቹ ሦስት ውጤቶችም (30፣ 34፣ 38) መካከለኛውን 34ን ወስዳችሁ በግንቦት ላይ አድርጉት። ሁለቱን በማስመሪያ አገናኙና መስመሩን በሁለቱም በኩል እስከ ጥቅምትና እስከ ሰኔ አስረዝሙት። በዚህ አካሄድ አንድ መጥፎ ወይም አንድ ጥሩ ቀን ብቻውን መስመሩን አያጣምመውም። ከኅዳር እስከ ግንቦት 6 ወር ነው፤ ጭማሪው 12 ቃል ነው። ስለዚህ ልጅቷ በወር 2 ቃል ጨምራለች። መስመሩ በጥቅምት 20 ላይ ይጀምራል፣ በሰኔ 36 ላይ ያበቃል።

ጭማሪው እውነት ነው?

አሁን ሁለት ጥያቄ እንጠይቃለን። የመጀመሪያው፦ መስመሩ የወጣው ከፍታ ከመዋዠቁ ይበልጣል? እያንዳንዱ ነጥብ ከመስመሩ ምን ያህል እንደራቀ ቁጠሩ። በእኛ ሥዕል የኅዳሩ ነጥብ ከመስመሩ በ5 ይበልጣል፣ ከሁሉም የራቀው እሱ ነው። የታኅሣሡ በ3 ያንሳል። ሁሉም ሲደመርና ለዘጠኝ ሲካፈል ርቀቱ ወደ 3 ቃል ገደማ ነው። መስመሩ ግን በዓመቱ 16 ቃል ወጥቷል። 3 ቃል ወዲህ ወዲያ የሚል ውጤት 16 ቃል ከወጣ፣ ይህ መዋዠቅ አይደለም። መስመሩ የወጣው 4 ቃል ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን «ተሻሽላለች» ለማለት ባልደፈርኩ ነበር።

ሁለተኛው፦ ከመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ዝቅተኛው ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከፍተኛው ይበልጣል? 30 ከ27 ይበልጣል፤ አዎ። ይህ በዕድል ምን ያህል ጊዜ ይሆናል? ስድስቱን ቁጥሮች በስድስት ቁራጭ ወረቀት ጽፋችሁ በውዝታችሁ፣ ሦስቱን በግራ ሦስቱን በቀኝ ብታስቀምጡ፣ ሦስቱም ትልልቆቹ በቀኝ የሚወድቁት ከ20 ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ዕድል ነው ማለት ይከብዳል።

መስመር ግን የተሳሳተ መለኪያን አያርምም። ልጅቷ ምንባቡን አስቀድማ ካጠናችው፣ ወይም በዓመቱ መጨረሻ ቀላል ምንባብ ከተመረጠላት፣ መስመሩ ያምራል፣ እውነቱ ግን ሌላ ነው። ይህን ለማወቅ በሰኔ አንድ ነገር ጨመርን። በጥቅምት ካነበበቻቸው ምንባቦች አንዱን መልሰን ሰጠናት፤ ከስምንት ወር በኋላ በቃሏ አትይዘውም። በጥቅምት 22 ቃል ያነበበችበትን ምንባብ በሰኔ 37 አነበበች። ምንባቡ ያው ነው፤ የተለወጠችው ልጅቷ ናት። አክስቷ ደግሞ ስላነበበችው ታሪክ ስትጠይቃት መመለስ ቻለች፤ በፍጥነት አንብቦ ምንም አለመረዳት መሻሻል አይደለምና።

ምስጋናው ለማን ነው?

እናትየው «እንግዲያው አስጠኚው ጥሩ ነው» አለች። እዚህ ላይ አቆምኳት። መስመሩ የሚለው ልጅቷ ተሻሽላለች ነው፤ በማን ምክንያት እንደሆነ አይናገርም። ትምህርት ቤትም ትሄዳለች፣ ዕድሜዋም ይጨምራል። በጥር የታየው የ8 ቃል ዝላይ በተለይ ያታልላል። አስጠኚ የምንቀጥረው ውጤቱ በጣም ሲወርድ ነው፤ በጣም ከወረደ በኋላ የሚመጣው ውጤት ደግሞ ምንም ባናደርግም ብዙውን ጊዜ ወደ ቦታው ይመለሳል። አስጠኚው ከመምጣቱ በፊት ያለን ሦስት ነጥብ ብቻ ነው፣ 22፣ 27፣ 21፤ በእነዚህ የቀድሞውን አካሄድ ማወቅ አይቻልም። ያኔ በወር 2 ቃል እየጨመረች ከነበረ አስጠኚው የጨመረው ነገር የለም፤ ቆማ ከነበረ ግን ብዙ ጨምሯል።

ስለዚህ የተስማማነው ይህን ነው። በክረምት ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ አስጠኚው ይቀጥላል፤ በሐምሌና በነሐሴ ልኬቱ አይቋረጥም። ሁለት ነጥብ ብቻውን አይፈርድም፤ ነገር ግን ሁለቱም ከመስመሩ በጣም ዝቅ ካሉ፣ በዓመቱ የገፋት ትምህርት ቤቱ ሊሆን ይችላል ብለን እንጠረጥራለን። አስጠኚውንም በሰዓቱ ምን እንደሚሠራ ጠየቅነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የቤት ሥራ ያሠራት ነበር። ከሐምሌ ጀምሮ በየቀኑ 20 ደቂቃ ጮክ ብላ እንድታነብና እያረማት እንዲቀጥል እናትየው ነገረችው።

እናንተም ከመስከረም ጀምሮ ይህን ማድረግ የምትፈልጉ ካላችሁ፣ አስጠኚ ከመቅጠራችሁ በፊት ቢያንስ አምስት ጊዜ ለኩ፤ ጊዜው አጭር ከሆነ በየሁለት ሳምንቱ ቢሆን ይቻላል። ልጁንም በአንድ ወር ውጤት አትቆጡት። እግዚአብሔር ልጆቻችንን ይጠብቅልን።