300 ዶላር ለማስፈቀድ የሚጻፍ ደብዳቤ

«ለፈተና ክፈሉልኝ» የሚል ማመልከቻ የደረሰው ሥራ አስኪያጅ ጮክ ብሎ ባይናገረውም በልቡ የሚያነሳው ጥያቄ አለ፦ ሥራውን ከቻለች ወረቀቱ ለእኔ ምን ይሠራልኛል? ጥያቄው ተገቢ ነው። ድርጅት ለሥልጠና ሲከፍል ሠራተኛው ቢያንስ አንድ ነገር ተምሮ ይመለሳል። የፈተና ክፍያ ግን ዕውቀት አይገዛም። የሚገዛው ዕውቀቱ መኖሩን የሚመሰክር ወረቀት ነው፤ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ስም ደግሞ የሠራተኛዋ እንጂ የድርጅቱ አይደለም። ስትለቅ ይዛው ትሄዳለች። ለዚህ ነው የፈተና ክፍያ ከሥልጠና ክፍያ ይልቅ ለማስፈቀድ የሚከብደው።

የእኛ ማመልከቻ ደግሞ ልማዱ ሌላ ነው። በአገልግሎት ዘመን ይጀምራል፣ ታማኝነትን ይዘረዝራል፣ የኑሮ ውድነትን ያነሳል፣ መጨረሻ ላይ «የተለመደ ትብብርዎን» ብሎ ይሰናበታል። ይህ ለብድር ወይም ለዝውውር ይሠራ ይሆናል። ለፈተና ክፍያ ግን ሥራ አስኪያጁን ደግ እንዲሆን ከመለመን ያለፈ ምንም አይነግረውም። ደግነት ደግሞ የበጀት መደብ የለውም።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንየው። አዲስ አበባ ውስጥ የኔትወርክ ዕቃ እየሸጠ የሚገጥም መካከለኛ ድርጅት አለ እንበል። አንዲት ቴክኒሻን እዚያ ሦስት ዓመት ሠርታለች፤ አሁን ሲሲኤንኤ የሚባለውን የሲስኮ ኩባንያ ፈተና መውሰድ ትፈልጋለች። ፈተናው 120 ደቂቃ ይፈጃል፤ ለመቀመጥ ሌላ የምስክር ወረቀት አይጠይቅም፤ ያለፈ ሰው ማስረጃው ለሦስት ዓመት ያገለግለዋል። የተለጠፈው ዋጋ 300 ዶላር ሲሆን እንደ አገሩ ግብር ሊጨመርበት ይችላል።

ቴክኒሻኗ መጀመሪያ የሄደችው ወደ ጨረታ ክፍል ነው። ጥሩ ያደረገችውም እዚህ ላይ ነው። የኔትወርክ ዝርጋታ ጨረታዎች በቴክኒክ ግምገማ ላይ የባለሙያዎችን ሲቪና የምስክር ወረቀት ማስጠየቃቸው የተለመደ ነው። በድርጅቷ መዝገብ መሠረት ባለፉት 12 ወራት ሦስት ጨረታዎች ሲሲኤንኤ ያላቸው ሁለት ባለሙያዎች ጠይቀዋል፤ ድርጅቱ ያለው ግን አንድ ብቻ ነው። ለሁለቱ ጨረታዎች ከውጭ አንድ ባለሙያ ውል ገብቶ ማስረጃውን እንዲያያይዝ ተደርጎ በእያንዳንዳቸው 25,000 ብር ተከፍሎታል። ሦስተኛው ጨረታ ጊዜ ስላጠረ ተትቷል። ወረቀቱ ለድርጅቱ ምን እንደሚሠራ አሁን በአኃዝ ታወቀ፤ ያለ እሱ በዓመት 50,000 ብር ወጥቷል።

ስለ ሦስተኛው ጨረታ ገንዘብ አለመቁጠሯም ብልህነት ነው። «የአራት ሚሊዮን ብር ሥራ አመለጠን» ብሎ መጻፍ ያጓጓል። ነገር ግን ጨረታ ውስጥ መግባትና ማሸነፍ የተለያዩ መሆናቸውን ከሥራ አስኪያጁ በላይ የሚያውቅ የለም። አንዲት የተጋነነች ቁጥር ካየ እውነተኞቹንም መጠራጠር ይጀምራል። ስለዚህ ሦስተኛው ጨረታ በደብዳቤው ላይ የሚጠቀሰው እንደ ሆነ ነገር ብቻ ነው፤ ዋጋ አልተለጠፈበትም።

የወጪው በኩል ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ የዶላር ዋጋ በብር ጽፎ መተው አይቻልም። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ስለነበር ፈተናው 17,000 ብር አካባቢ ይፈጅ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ያው ፈተና ከ30,000 ብር አለፈ። ደብዳቤው ላይ ዶላሩን፣ የዕለቱን የባንክ መሸጫ ዋጋና ቀኑን አብሮ መጻፍ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ለስሌት እንዲቀል እኛ ዶላሩን በ150 ብር እናስላው፤ 300 ዶላር 45,000 ብር ይሆናል።

ደብዳቤው እንዲህ ተጻፈ፦

ቀን፦ ግንቦት 5

ለ፦ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ የሲሲኤንኤ ፈተና ክፍያ እንዲፈቀድልኝ ስለመጠየቅ

ባለፉት 12 ወራት ሦስት ጨረታዎች ሲሲኤንኤ ያላቸው ሁለት ባለሙያዎች ጠይቀውናል። እኛ ያለን አንድ ነው። ለሁለቱ ጨረታዎች ለውጭ ባለሙያ በድምሩ 50,000 ብር ከፍለናል፤ ሦስተኛውን ትተነዋል። ከጨረታ ክፍል የተወሰደው ዝርዝር ተያይዟል።

ሁለተኛዋ ባለሙያ እኔ እንድሆን ድርጅቱ የፈተናውን ዋጋ 300 ዶላር፣ በዛሬው የባንክ መሸጫ ዋጋ 45,000 ብር፣ እንዲከፍልልኝ እጠይቃለሁ። በፈተናው ዕለትም የግማሽ ቀን ፈቃድ ያስፈልገኛል። የመጽሐፍ ወጪው የራሴ ነው፤ የማጠናውም ከሥራ ሰዓት ውጭ ነው።

የምስክር ወረቀቱ ለሦስት ዓመት ያገለግላል። እንዳለፈው ዓመት ሁለት ጨረታ ብቻ ቢገጥመን ወጪው በአንድ ዓመት ውስጥ ይመለሳል። ጨረታ እናሸንፋለን ብዬ ቃል መግባት አልችልም፤ ለመወዳደር ብቻ ለውጭ ሰው መክፈላችን ግን ይቀራል።

ክፍያው ከመፈጸሙ በፊት፣ እስከ ሰኔ 15 ድረስ፣ በሙሉ ሰዓት የሠራሁትን የልምምድ ፈተና ውጤት አቀርባለሁ። ዋናውን ፈተና ብወድቅ የሁለተኛውን ሙከራ ወጪ ራሴ እሸፍናለሁ። ካለፍኩ በኋላ 12 ወር ሳይሞላ በራሴ ፈቃድ ሥራ ብለቅ ለቀረው ለእያንዳንዱ ወር 3,750 ብር እመልሳለሁ፤ ለዚህም ውል ለመፈረም ዝግጁ ነኝ።

ከሰላምታ ጋር

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አያልፍም፤ ማለፍም የለበትም። ሥራ አስኪያጁ ብቻውን አይወስንምና ወረቀቱ ወደ ፋይናንስ ይመራል። እዚያ ያለው ሰው ጸሐፊዋን ላያውቃት ይችላል፤ ስለ ኔትወርክም አይጨነቅም። እሱ የሚፈልገው ስንት፣ መቼና በምን ምክንያት የሚሉትን ነው። ሦስቱንም ማንንም ሳይጠይቅ ከገጹ ላይ ያገኛቸዋል።

ከሁሉ ይልቅ ሥራ የሚሠራው የመጨረሻው አንቀጽ ይመስለኛል። ብዙ ሰው ስለ መውደቅና ስለ መልቀቅ ማንሳት ጥርጣሬ መቀስቀስ ይመስለዋል። ጥርጣሬው ግን ቀድሞም እዚያው አለ። «ከፍለንላት ብትሄድስ?» የሚለው ሐሳብ ሥራ አስኪያጁ የጉዳዩን መስመር አንብቦ ሳይጨርስ ይመጣል። መልሱ ተጽፎ ካላገኘው «እናስብበታለን» ይላል፤ የዚህ ቃል ትርጉም ደግሞ ለማንም አይጠፋውም።

የወር ስሌቱ ቀላል ነው። 45,000 ለ12 ሲካፈል 3,750 ይመጣል። በስምንተኛው ወር ብትለቅ አራት ወር ይቀራልና 15,000 ብር ትመልሳለች። እዚህ ላይ ሁለቱም ወገኖች የሚዘነጉት የሕግ ነጥብ አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 አሠሪው ያለ ሕግ፣ ያለ ኅብረት ስምምነት፣ ያለ ሥራ ደንብ፣ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ያለ ሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ከደመወዝ እንዳይቆርጥ ይከለክላል። ስምምነት ቢኖርም በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዝ ከአንድ ሦስተኛ መብለጥ አይችልም። ደመወዟ 30,000 ብር ከሆነ ከመጨረሻው ወር ላይ የሚቆረጠው ቢበዛ 10,000 ነው። የቀረው 5,000 በምን መንገድና እስከ መቼ እንደሚከፈል ውሉ ውስጥ ካልተጻፈ፣ በመሰነባበቻው ሳምንት ለክርክር ይተርፋል።

ስለ መውደቅ ደግሞ ሲስኮ የወደቀ ተፈታኝ እንደገና ለመቀመጥ አምስት ቀን እንዲጠብቅና ሙሉውን ዋጋ ዳግም እንዲከፍል ያደርጋል። ቅናሽ የለም። ስለዚህ «ድርጅቱ ይክፈል» ማለት አንድ ጊዜ ነው ወይስ እስኪያልፉ ድረስ? ቴክኒሻኗ አንድ ጊዜ ብላ ቆርጣዋለች። የልምምድ ፈተናውን ከክፍያው ማስቀደሟም ለሥራ አስኪያጁ ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ሐሳቡን የሚለውጥበት በር ይተውለታል።

አንዳንድ ድርጅቶች ነገሩን ይገለብጡታል፤ «አንቺ ክፈዪ፣ ስታልፊ እንመልስልሻለን» ይላሉ። ለአሠሪው ከዚህ የተሻለ የለም። ለሠራተኛዋ ግን ሁለት ችግር አለው። አንደኛ፣ ክፍያው የሚፈጸመው በውጭ ምንዛሪ በሚሠራ ካርድ ነው፤ ይህ ከሠራተኛ ይልቅ ከድርጅት እጅ መገኘቱ ይቀላል። ሁለተኛ፣ የሚመለሰው ብር በየትኛው ቀን ምንዛሪ እንደሚሰላ ካልተወሰነ ልዩነቱን የምትሸከመው እሷ ናት። እንዲህ ያለ መልስ ቢመጣ እምቢ ማለት አያስፈልግም፤ «በከፈልኩበት ቀን የባንክ መሸጫ ዋጋ» የሚል ሐረግ ማስገባት ይበቃል።

ፋይናንስ ክፍሉ ደግሞ ሦስት ፕሮፎርማ መጠየቁ አይቀርም። ለፈተና ሦስት አቅራቢ የለም፤ ከማንም ቢገዛ ፈተናው ያው ነው። ስለዚህ የዋጋውን ገጽ አትሞ ከደብዳቤው ጋር ማያያዝ አንድ ሳምንት ምልልስ ያተርፋል። ጊዜውም ወሳኝ ነው። ግንቦት የተመረጠው ብዙ ድርጅቶች የሐምሌ አንድን በጀት የሚያዘጋጁት ያኔ ስለሆነ ነው። በመጋቢት የሚገባ ማመልከቻ ብዙ ጊዜ የተሟጠጠ መደብ ይገጥመዋል፤ በነሐሴ የሚገባው ደግሞ ያልታቀደ ወጪ ይሆናል።

ሥራ አስኪያጁ በኮሪደር ላይ «ችግር የለውም፣ ተመዝገቢ» ቢላት ገና ነው። ደብዳቤው ላይ «ለፋይናንስ፣ ይፈጸም» ብሎ እስኪመራበትና እስኪፈርም ድረስ ቀጠሮ መያዝ የለባትም፤ ያለ ፊርማ የተያዘ ቀጠሮ ቀኑ ቢያልፍ የሚቃጠለው የእሷ ገንዘብ ነው። ከተፈረመ በኋላ ፈተናውን በሚያስተዳድረው በፒርሰን ቪዩ ስትመዘገብ ስሟን የምትጽፈው ለፈተናው ይዛው በምትሄደው መታወቂያ ላይ እንዳለው አድርጋ ነው፤ የአያት ስም አንዱ ላይ ኖሮ ሌላው ላይ ከሌለ በር ላይ ልትመለስ ትችላለች። ከበር ለተመለሰ ተፈታኝ ደግሞ ክፍያው አይመለስም፤ ያን ጊዜ ለፋይናንስ የሚጻፈው ሌላ ደብዳቤ ከመጀመሪያው ይልቅ ይከብዳል።