የከብት መድኃኒት ልኬትና የመታቀቢያ ዕለታት በምዕራብ ጎጃም

ከፍኖተ ሰላም ወደ ብር ሸለቆ፣ ከቡሬም ወደ ዓባይ ቆላ የሚወርድ ከብት ሣርና ውሃ በሚያገኝበት ስፍራ የገንዲን ደዌ የምታስተላልፈውን ዝንብም ያገኛታልና፣ የዚያ አገር ገበሬ የመድኃኒቱን ስም ከሐኪሙ ባልተናነሰ ያውቀዋል። የማያውቀው፣ ወይም አውቆ የሚንቀው፣ የመድኃኒቱን ልኬት ነው፤ ከልኬቱ ጋር ተያይዞ የሚመጣውን የመታቀቢያ ዕለትም እንዲሁ።

ለገንዲ ፈውስ በብዛት የሚሰጠው ዲሚናዚን ነው። ልኬቱ ለአንድ ኪሎ የከብት ክብደት 3.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ በገበያ የሚገኘው ትንሹ ከረጢት 1.05 ግራም መድኃኒት ስለሚይዝ ለ300 ኪሎ ከብት ልክ ይበቃል። እንግዲህ ጥያቄው ሁሉ በሬው ስንት ኪሎ ነው የሚለው ነው፤ ሚዛን በሌለበት ቀበሌ ደግሞ የዓይን ግምት ይዳኛል።

ነገር ግን ሚዛን ባይኖር ገመድና ሜትር አይጠፋም። በሬው ማለዳ፣ ሣርና ውሃ ሳይቀምስ፣ በደልዳላ መሬት ቀጥ ብሎ ከቆመ በኋላ ገመዱ ከሻኛው ኋላ በፊት እግሮቹ ሥር ዞሮ የደረቱ ዙሪያ ይለካል፤ ቁመናውም ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫ አጥንቱ ይለካል። ዙሪያው በራሱ ተባዝቶ፣ ውጤቱ በቁመናው ተባዝቶ፣ ለ10,840 ሲካፈል ክብደቱን በኪሎ ይሰጣል። ዙሪያው 150፣ ቁመናው 130 ሴንቲሜትር የሆነ በሬ 270 ኪሎ ያህል ይመዝናል ማለት ነው። ይህ ስሌት በእርጉዝ ላምና ሆዱ በተነፋ ከብት ይስታል፤ ቢሆንም ከዓይን ግምት እጅግ ይሻላል።

ይህ በሬ 945 ሚሊግራም ይገባዋል፤ መድኃኒቱ በመቶ 7 እንዲሆን ከተበጠበጠ በኋላ 13.5 ሚሊሊትር መሆኑ ነው። አስታማሚው ሁለት መቶ ኪሎ ነው ብሎ 10 ሚሊሊትር ቢወጋው፣ በሬው ከሚገባው ሦስት አራተኛውን ብቻ ያገኛል፤ አንዱን ከረጢት ለሁለት እኩያ በሬዎች ያካፈለውማ ለእያንዳንዳቸው በኪሎ 2 ሚሊግራም እንኳ አላደረሰም። በሬው ለጥቂት ጊዜ ይሻለው ይሆናል፤ ነገር ግን ደካማው ተውሳክ ሞቶ የጸናው ስለሚቀር፣ በሽታው ሲመለስ ያው መድኃኒት አይሠራም። ይህ የመላምት ነገር አይደለም፤ ቀድሞ በጎጃም ክፍለ ሀገር ውስጥ በነበረው በመተከል የመንደር ከብቶች ላይ ብዙ መድኃኒት የተለማመደ የገንዲ ተውሳክ እንደሚገኝ በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አስረድቷል።

ልኬቱን ማሳነስ መድኃኒቱን ሲያጠፋ፣ ማብዛቱ ደግሞ ገበታውን ያረክሳል። በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው የመታቀቢያ ቀን የተወሰነው በዚያው ጠርሙስ ላይ ለተጻፈው ልኬትና ለተጻፈው አወጋግ ብቻ ነውና፣ ክብደቱን ያልለካ ሰው የመታቀቢያውንም ቀን አያውቅም። በመቶ 20 የሆነው ኦክሲቴትራሳይክሊን ለ10 ኪሎ 1 ሚሊሊትር ይሰጣል፤ 200 ኪሎ የምትመዝን ላም 20 ሚሊሊትር፣ ያውም በሁለት ስፍራ ተከፍሎ፣ ትወጋለች። ጽሑፉ ለወተት 7፣ ለሥጋ 28 ቀን የሚል ከሆነ ከመጨረሻው መርፌ ጀምሮ አሥራ አራት እልቢት ከሽያጭ ይቀራል፤ ቀኑ ግን ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ የጎረቤትን ቃል ሳይሆን የጠርሙሱን ጽሑፍ ማንበብ ነው። ማፍላትም ቀሪውን መድኃኒት በአስተማማኝ ሁኔታ አያጠፋውም። ለጡት በሽታ ፔኒሲሊን ከተሰጣት ላም የታለበ ወተት እርጎ ሆኖ አልረጋ ሲል የቤቱ እመቤት ዓይነ ጥላ ወይም የማሰሮ ጥፋት ትላለች፤ ብዙ ጊዜ ግን ወተቱን የሚያረጉትን ረቂቃን ሕዋሳት የከለከላቸው ያው መድኃኒት ነው። ይሁንና ረግቷልና ንጹሕ ነው ብሎ መፍረድ አይገባም፤ ሌሎቹ መድኃኒቶች እርጎውን ሳይከለክሉ ይኖራሉና።

በዐቢይ ጾም ወራት ደግሞ ልዩ ስሕተት ይመጣል። ወተት በጾሙ ስለማይጠጣ ላሚቱን አሁን ብናክማት ማን ይጎዳል የሚል አለ። ነገር ግን የዚያ ወራት ወተት ተንጦ ቅቤ ሆኖ ለፋሲካ ይቀመጣል፤ እንደ አይቨርሜክቲን ያለው መድኃኒት በባሕርዩ ስብ ስለሚወድ በቅቤው ይከማቻል፤ በብዙ ጠርሙሶችም ላይ ለምትታለብ ላም እንዳይሰጥ የተከለከለው ስለዚህ ነው። ለፋሲካ የሚቀለብ በሬም እንዲሁ ነው፤ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ቢውል፣ 35 ቀን የሚያስቀር መድኃኒት ከየካቲት 29 ወዲህ መሰጠት አይችልም። ስለዚህ የሆድና የቆዳ ተውሳክ ማከሚያው ቀለቡ ሲጀመር እንጂ ሲያልቅ አይደለም።

ሕጉ ከአዋጅ ቁጥር 728/2004 ጀምሮ የእንስሳት መድኃኒትን ዝግጅትና ሽያጭ ከቁጥጥር በታች አድርጓል፤ መንደር ለመንደር የሚዞረውን ማሸጊያው የተቀደደ ከረጢት ግን አዋጅ ብቻውን አይደርስበትም። ስለዚህ ከብት የሚሸጥ ሰው የመጨረሻው መርፌ የተወጋበትን ዕለት በልጆቹ ደብተር እንኳ ይጻፍ፤ የሚገዛውም ዋጋ ከመቁረጡ በፊት ያንን ዕለት ይጠይቅ።