ሁለት ኮከብ ሲሰጥዎት ምን ብለው ይመልሳሉ?

አፕዎርክ ላይ ሥራ ሲያልቅ አሠሪውና ሠራተኛው አንዱ ስለሌላው አስተያየት የሚጽፉበት 14 ቀን አላቸው። ሁለቱም እስኪጽፉ ወይም ቀኑ እስኪያልፍ ድረስ አንዱ የሌላውን አያይም። ያልጠበቁት ወቀሳ ፕሮፋይልዎ ላይ ድንገት ብቅ የሚለው ለዚህ ነው። በዚያች ሰዓት በንዴት የሚጻፈው መልስ፣ ከወቀሳው የባሰ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል።

አንድ ተርጓሚ 40 ገጽ መመሪያ ወደ አማርኛ ሊመልስ ተዋዋለ እንበል። ማስረከቢያው መጋቢት 10 ነው። በቀኑ 30 ገጽ አስረከበ፤ የቀረው 10 ገጽ ግን ከደንበኛው የደረሰው መጋቢት 14 ነበር። በሦስተኛው ቀን ሠርቶ ላከው። ደንበኛው ግን «ዘገየ፣ አጉድሎም አስረከበ» ብሎ ሁለት ኮከብ ሰጠው።

ተርጓሚው መጀመሪያ የሚመጣለት «ፋይሉን ያዘገየኸው አንተ ነህ፣ አሁን ትዋሻለህ» የሚል ነው። እውነቱን ነው። ነገር ግን ያንን የሚያነበው ነገ ሊቀጥረው የሚያስብ ሌላ ሰው ነው። ያ ሰው ማን እንደበደለ ማጣራት አይችልም፤ የሚያየው ተርጓሚው ሲከፋው እንዴት እንደሚናገር ብቻ ነው። ስለዚህ መልሱ ለእሱ ይጻፍ፦

«ስለ ሥራው አመሰግናለሁ። የደረሰኝን 30 ገጽ በቀጠሮው መጋቢት 10 አስረክቤያለሁ። ቀሪው 10 ገጽ መጋቢት 14 ደርሶኝ መጋቢት 17 ልኬያለሁ። ፋይሉ እንደዘገየ አዲስ የማስረከቢያ ቀን በጽሑፍ መያዝ ነበረብኝ፤ ከእንግዲህ እንዲህ አደርጋለሁ።»

ደንበኛው አንድም ቦታ አልተሰደበም፤ ቀኖቹ ራሳቸው ይናገራሉ። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ደግሞ እውነተኛ ጉድለትን ብቻ ነው የሚያምነው። ያላጠፉትን ይቅርታ መጠየቅ ወቀሳውን ማጽደቅ ነው። እያንዳንዱን ቀን ከመልእክት ልውውጡ ሳያመሳክሩ አይጻፉ፤ የደንበኛውን ሰነድም ሆነ የግል መልእክት አደባባይ አያውጡ።

መልሱ ኮከቡን ከፍ አያደርግም። ለዚያ አስቀድሞ ለደንበኛው በግል ጽፎ ቀኖቹን ማሳየትና አስተያየቱን እንዲያሻሽል መጠየቅ ይቻላል፤ አፕዎርክ ይህን የሚፈቅድበት መንገድ አለው። በምትኩ ገንዘብ ወይም ቅናሽ ማቅረብ ግን የተከለከለ ነው። «ተጨማሪውን በነፃ ካልሠራህ መጥፎ አስተያየት እጽፋለሁ» የሚል መልእክት ከመጣ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ማስፈራራት ደንብ መጣስ ስለሆነ መልእክቱን ሳያጠፉ ለድርጅቱ ያሳውቁ። በክፍያው ላይ ክርክር ተከፍቶ ከሆነ ደግሞ፣ ውሳኔው እስኪሰጥ አደባባይ ላይ ምንም ባይጽፉ ይሻላል፤ የጻፉት ቃል በዚያው ክርክር ሊጠቀስብዎት ይችላል።