የ60 ሺህ ብሩ ልዩነት ከየት መጣ?

አንድ ድርጅት የፕሮጀክት የፋይናንስ ሪፖርት ለለጋሹ ከላከ በኋላ ድምሩ የተሳሳተ ሆኖ ቢገኝ፣ የፋይናንስ ኃላፊው የማስተካከያ ደብዳቤ መጻፍ ግድ ይሆንበታል። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ቀጣዩ ክፍያ በወቅቱ መለቀቁ ወይም መያዙ ግን ብዙ ጊዜ በዚህችው ገጽ ላይ ይወሰናል። ነገሩን በቅርበት ለማየት አንድ ፕሮጀክት እናስብ። አኃዞቹን ለማሳያ ያዘጋጀኋቸው እኔ ነኝ፤ ስህተቶቹ ግን በሒሳብ ክፍሎች የተለመዱ ናቸው።

በጀርመን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ያቋቋሙት ማኅበር ለአንድ ወረዳ የንጹሕ ውሃ ፕሮጀክት 25,000 ዩሮ ላከ። ባንኩ አንዱን ዩሮ በ140 ብር መነዘረውና 3,500,000 ብር ለፕሮጀክቱ በተከፈተው ሒሳብ ገባ። በሩብ ዓመቱ መጨረሻ የወጣው ሪፖርት አምስት ወጪዎች ነበሩት፤ ለደመወዝ 612,000፣ ለቧንቧና ለፓምፕ ግዢ 1,845,000፣ ለሥልጠና 398,500፣ ለትራንስፖርት 154,500 እና ለውሃ ጥራት ምርመራ 86,400 ብር። ከግርጌው የሰፈረው ጠቅላላ ወጪ 3,010,000 ብር፣ ቀሪው 490,000 ብር ነው ይላል።

የባንኩ መግለጫ ግን በዚያው ቀን 430,000 ብር ብቻ ያሳያል። በድርጅቱ ካዝና የተቀመጠ ጥሬ ገንዘብ የለም፤ ተጽፎ ያልተመነዘረ ቼክም የለም። ስለዚህ የ60,000 ብር ልዩነት አለ።

ብዙዎች እዚህ ላይ የሚጀምሩት 60,000 ብር የሆነ ክፍያ ከመዝገብ በመፈለግ ነው። ልምድ ያለው ሒሳብ ሠራተኛ ደግሞ ልዩነቱን ለ9 ያካፍለዋል። ሁለት አጎራባች አኃዞች ቦታ ተለዋውጠው ሲጻፉ፣ ለምሳሌ 54 የነበረው 45 ሲሆን፣ ልዩነቱ ምንጊዜም ያለ ቀሪ ለ9 ይካፈላል። 60,000 አይካፈልም፤ ስለዚህ ይህ ብቻውን የአኃዝ መዘዋወር አይደለም። ዘዴው ፍንጭ ይሰጣል እንጂ ማስረጃ አይሆንም። ለውሃ ምርመራ የወጣው 86,400 ለ9 ይካፈላል፣ በእሱ ላይ ግን አንድም አኃዝ አልተዘዋወረም።

60,000 ብር የሆነ ክፍያ በመዝገቡ የለም። ያልተገኘውም ልዩነቱ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሄዱ የሁለት ስህተቶች ውጤት ስለሆነ ነው።

የመጀመሪያው በኤክሴል ሠንጠረዡ ውስጥ ነው። የምርመራው ደረሰኝ ዘግይቶ ስለመጣ ወጪው ከድምሩ በላይ አዲስ ረድፍ ተጨምሮለት ገባ። የድምሩ ቀመር ግን ባለበት ቀረ፦

```
=SUM(D5:D8)
```

መሆን የነበረበት ይህ ነው፦

```
=SUM(D5:D9)
```

86,400 ብሩ በሠንጠረዡ ላይ በግልጽ ይታያል፣ ድምሩ ውስጥ ግን የለም። ረድፎቹን በካልኩሌተር የደመረ ሰው 3,096,400 ያገኛል። ለዚህም ነው ሪፖርት ከመላኩ በፊት ድምሩን ከኤክሴል ውጭ አንዴ መደመር፣ ወይም ከሒሳብ ሶፍትዌሩ ከሚወጣው ትሪያል ባላንስ ጋር ማመሳከር የሚያስፈልገው።

ሁለተኛው የቅድሚያ ክፍያ ነው። የወረዳው አስተባባሪ ለሥልጠና አበልና መስተንግዶ 120,000 ብር ወሰዱ። የ93,600 ብር ደረሰኝ አቅርበው ያወራረዱ ሲሆን፣ የተረፈውን 26,400 ብር ሩብ ዓመቱ ሳይዘጋ ወደ ባንክ መልሰዋል። ሪፖርቱ ግን 120,000 ብሩን በሙሉ ወጪ አድርጎ ቆጠረው። ቅድሚያ ክፍያ በደረሰኝ እስኪወራረድ ድረስ ተሰብሳቢ ሒሳብ ነው፣ ወጪ አይባልም። ስለዚህ የሥልጠናው ወጪ ከ398,500 ወደ 372,100 ብር ይወርዳል።

አሁን ሒሳቡ ይገጥማል። በ3,010,000 ላይ 86,400 ተጨምሮ 26,400 ሲቀነስ ትክክለኛው ወጪ 3,070,000 ብር ይሆናል፤ ቀሪውም ከባንኩ ጋር እኩል 430,000 ብር ነው።

የደብዳቤው አጻጻፍ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። «በተፈጠረ መጠነኛ የአደማመር ስህተት ወጪው በ60,000 ብር ከፍ ብሏል» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፣ ድምሩም ይገጥማል። እኔ ግን ይህን ዓረፍተ ነገር እጅግ እቃወማለሁ። የተመለሰውን ቅድሚያ ክፍያ ሙሉ በሙሉ ይሸፍነዋል፤ ከስድስት ወር በኋላ ኦዲተሩ የሥልጠናውን ሰነድ ሲከፍት 26,400 ብሩን ያገኘዋል፤ ያኔ ስህተት የነበረው የተደበቀ ነገር ይመስላል። ልዩነቶች ተቻችለው በአንድ አኃዝ መቅረብ የለባቸውም፤ እያንዳንዱ ከነማስረጃው ለብቻው ይጻፍ። ደብዳቤው እንዲህ ቢሆን ለጋሹ ሌላ ጥያቄ አይኖረውም፦

«ለተከበራችሁ የማኅበሩ አባላት፦ የሁለተኛው ሩብ ዓመት ሪፖርታችን ጠቅላላ ወጪ 3,010,000 ብር ሳይሆን 3,070,000 ብር መሆኑን እናሳውቃለን። ልዩነቱን ያገኘነው ሪፖርቱን ከባንክ መግለጫ ጋር ስናስታርቅ ሲሆን፣ ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ በሠንጠረዡ የተዘረዘረው የውሃ ጥራት ምርመራ ወጪ 86,400 ብር በድምሩ ውስጥ አልተካተተም ነበር። ሁለተኛ፣ ከሥልጠና ቅድሚያ ክፍያ ተርፎ ወደ ባንክ የተመለሰ 26,400 ብር በስህተት ወጪ ተደርጎ ተቆጥሯል። የደመወዝ፣ የግዢና የትራንስፖርት ወጪዎች አልተለወጡም። ቀሪው ገንዘብ 430,000 ብር ነው። የምርመራውን ደረሰኝ፣ የቅድሚያ ክፍያውን ማወራረጃ፣ የባንክ ገቢ ደረሰኙንና የባንክ መግለጫውን አያይዘናል። ቀድሞ የላክነው ሪፖርት በዚህ በተስተካከለው እንዲተካልን በአክብሮት እንጠይቃለን።»

ያልተለወጡትን ወጪዎች መጥቀሱ ትርፍ ነገር አይደለም። አንባቢው ከዚያ በኋላ ሙሉውን ሪፖርት እንደገና መመርመር አያስፈልገውም። የቀድሞው ሪፖርትም ከፋይል አይጠፋም፤ ሁለቱም ቀን ተጽፎባቸው ይቀመጣሉ።

የምንዛሪው ጉዳይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በ140 ሲሰላ የቀድሞው ድምር 21,500 ዩሮ፣ የተስተካከለው 21,928.57 ዩሮ ነው። ኃላፊው ማስተካከያውን በሚጽፍበት ቀን ዋጋ ካሰላው ግን በዩሮው በኩል ምንም ስህተት ያልፈጠረው ሌላ ልዩነት ይወለዳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በእንዲህ ያለ ጊዜ የአንድ ወር የምንዛሪ ልዩነት ከስህተቱ ራሱ ሊበልጥ ይችላል። ማስተካከያው በመጀመሪያው ሪፖርት ዋጋ ይሰላ፤ የሚሠራበትም ዋጋ በስምምነቱ የተጻፈው ነው።

አንድ ነገር ግን ከማስተካከያ ደብዳቤ ጋር መቀላቀል የለበትም። የውሃ ምርመራው በጸደቀው በጀት ውስጥ ባይኖር ኖሮ፣ 86,400 ብሩ የድምር እርማት ሳይሆን የበጀት ለውጥ ይሆን ነበር። ያ ራሱን የቻለ ጥያቄና የለጋሹን ፈቃድ ይጠይቃል። እርማት መስሎ የሚገባ ያልተፈቀደ ወጪ በኦዲት ተቀባይነት ካጣ፣ ድርጅቱ ከራሱ ኪስ ሊመልሰው ይችላል።

በውጭ አገር ሆናችሁ ለትውልድ ቀያችሁ ፕሮጀክት የምታዋጡ ሁሉ፣ የተስተካከለ ሪፖርት ሲደርሳችሁ አትደንግጡ፤ ነገር ግን ቀሪው ገንዘብ በዚያው ቀን ከነበረው የባንክ መግለጫ ጋር መግጠሙን ጠይቁ።