1.4 ከመቶ፤ ግን ከስንት እስከ ስንት?

በ1997 ዓ.ም. (2005 እ.ኤ.አ.) የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ የኤች አይ ቪ ስርጭት በከተማ 5.5፣ በገጠር 0.7፣ በአገር ደረጃ 1.4 ከመቶ መሆኑን ዘገበ። ከተመረጡት 540 የቆጠራ ቦታዎች ግን 145ቱ የከተማ ነበሩ፤ እንደ ሐረሪ ያሉ ትናንሽ ክልሎችም የየራሳቸው አኃዝ እንዲኖራቸው ከድርሻቸው በላይ ተወስደዋል። የከተማና የገጠሩን ውጤት በቆጠራ ቦታዎቹ ብዛት ብቻ ብናማክል 2 ከመቶ ገደማ እናገኛለን። ስለዚህ የእያንዳንዱ ሰው ውጤት የመመረጥ ዕድሉ በተገላቢጦሽ ይመዘናል፤ ዕድሉ የሰፋው ክብደቱ ያንሳል።

ክብደቱ አማካዩን ያቃናል እንጂ እርግጠኝነትን አይጨምርም። ከመንዝዋ ዘመሮ ሃያ አምስት ጎረቤታሞች ቢመረጡ፣ ኑሯቸው ስለሚመሳሰል የሃያ አምስት እንግዶችን ያህል አዲስ መረጃ አይሰጡም። ለምሳሌ ያህል 10,000 ሰዎች ተመርምረው 1.4 ከመቶ ተገኘ እንበል። ሰዎቹ አንድ በአንድ በዕጣ እንደወጡ ከቆጠርን፣ የ95 ከመቶ መተማመኛ ክልሉ ከ1.2 እስከ 1.6 ነው። መመሳሰሉ ቫርያንሱን እጥፍ ካደረገው ግን ከ1.1 እስከ 1.7 ይሰፋል።

በእኔ ግምት ተንኮለኛው ስሕተት ክብደቱን አስገብቶ የቆጠራ ቦታውን መርሳት ነው፤ አማካዩ ትክክል ስለሚወጣ ማንም አይጠረጥርም። የሚያጋልጠው ከተራው ቀመር ጋር የሚመሳሰል ጠባብ ክልል ነው።